«መብራቱ አቃጠለብኝ»፦ ስታብላይዘርና ሰርጅ ፕሮቴክተር ከምን ያድናሉ?

ከድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች ጀምሮ ሠራተኞች ተከራይተው እስከሚያድሩባቸው ክፍሎች ድረስ፣ ዕቃ ሲቃጠል የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ «መብራቱ ነው ያቃጠለው»። መድኃኒቱም ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ ስታብላይዘር ግዛ፣ ወይ ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለው ዲቫይደር ግዛ። ሻጩ ሁለቱን አንድ ላይ «መከላከያ» ይላቸዋል። ነገር ግን ስታብላይዘር ያለው ቤትም ፍሪጅ ይቃጠልበታል፤ ሰርጅ ፕሮቴክተር የተሰካበት ቴሌቪዥንም ከነፕሮቴክተሩ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ግማሹ ሰው «መከላከያ የሚባለው ነገር ማታለያ ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ኦርጅናል ስላልሆነ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል።

ሁለቱም ወገኖች የዘለሉት ነገር አለ። «መብራቱ አቃጠለው» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ አደጋዎችን አጠቃሎ ይዟል። አንዱን የሚያስታግሰው ዕቃ ሌላውን አያውቀውም፤ አንዳንዴም ያባብሰዋል።

ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት የተለያየ ጥያቄ

ሰርጅ ፕሮቴክተር የመብረቅ ልጅ ነው። መብረቅ በቴሌግራፍና በኤሌክትሪክ ሽቦ ገብቶ መሣሪያ ሲያቃጥል ያዩ መሐንዲሶች፣ ያንን የቅጽበት ጉልበት ወደ መሬት የሚያወርድ ነገር ለብዙ ዓመታት ሲፈልጉ ቆዩ። ዛሬ ዲቫይደር ውስጥ የምናገኘው ዓይነት የተወለደው ጃፓን ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የማትሱሺታ ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ተጋግሮ የሚሠራ ቫሪስተር የተባለ ክፍል ይዘው መጡ። ቫሪስተር በመደበኛ ቮልቴጅ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቮልቴጁ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን ባንዴ ይከፈትና ትርፉን በራሱ በኩል ያሳልፋል። ዲቫይደር ቢፈታ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ቀለም የተቀባች፣ ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር ትገኛለች። እሷው ናት። ብዙ ርካሽ ዲቫይደሮች ውስጥ ያለው መከላከያ ይህችው አንዲት ሳንቲም ብቻ መሆኗን ገዢው ቢያውቅ ዋጋውን በሌላ ዓይን ያየው ነበር።

ስታብላይዘር የመጣው ከሌላ ጥያቄ ነው፤ መብረቅን አላሰበም። ጥያቄው «መስመሩ ለሰዓታት ሲደክም እንዴት አድርጌ ልሥራ?» የሚል ነበር። ጆሴፍ ሶላ የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ፣ የብረት እምብርቱ በማግኔት ሲጠግብ የሚያሳየውን ጠባይ ተጠቅሞ ምንም የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ቋሚ ቮልቴጅ ትራንስፎርመር ሠራ። ይህ ዓይነት ከባድ፣ ሙቀታምና ውድ ስለሆነ ወደ ሰው ቤት ብዙም አልገባም። ገበያችንን የሞሉት ሌሎች ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ቀጭ ቀጭ እያለ በሪሌ መስመር የሚቀያይር ነው፤ ሁለተኛው ትንሽ ሞተር የካርቦን ብሩሹን በጥቅልሉ ላይ እያንሸራተተ የሚያስተካክል፣ «ሰርቮ» የሚባለው ነው።

እንግዲህ አንደኛው መሣሪያ የሚያስበው በሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው፤ ሌላው በሰከንድና በሰዓት። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ሦስቱ አደጋዎች

የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ነው ይባላል። በሁለት ፌዞች መካከል ሲለካ ደግሞ 380 ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ወደ ኋላ ያስፈልጉናል።

የመጀመሪያው አደጋ ሰርጅ ነው፤ በሺዎች ቮልት የሚቆጠር፣ ግን ዓይን ከመርገብገቡ በፊት መጥቶ የሚያልፍ ምት። ከመብረቅ ይመጣል፤ ትልልቅ ሞተሮችና የኮንደንሰር ባንኮች ሲከፈቱና ሲዘጉም ይመጣል። ሁለተኛው የመስመር ድካም ነው። ማታ ሁሉም ምጣድና ማራገቢያ ሲከፍት፣ ከትራንስፎርመሩ ርቆ ያለ ቤት ቮልቴጁ 160 ወይም 150 ሊደርስ ይችላል፤ ሌሊት ደግሞ ከፍ ይላል። ይህ ለሰዓታት የሚቆይ ነገር ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ከመደበኛው በላይ የሆነ ግን እንደ ሰርጅ በቅጽበት የማያልፍ፣ ለሰከንዶች ወይም ለደቂቃዎች የሚዘልቅ ከፍተኛ ቮልቴጅ። መሐንዲሶች «ጊዜያዊ ከፍተኛ ቮልቴጅ» ይሉታል። ብዙ ቤት በአንድ ሌሊት አምስትና ስድስት ዕቃ ሲያጣ የዚህ ሥራ ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል፤ ከሁሉም ግን ብዙም የማይወራለት እሱ ነው።

ኒውትራል ሲበጠስ

ሦስተኛውን አደጋ በቁጥር እንየው። ከአንድ ትራንስፎርመር በተለያየ ፌዝ የሚወስዱ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል፤ በሦስተኛው ፌዝ ላይ ለጊዜው ማንም የለም። አንደኛው ቤት 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥዷል። ሁለተኛው ፍሪጅና ቴሌቪዥን ብቻ ከፍቷል፤ ሁለቱ ተደምረው 200 ዋት ገደማ ናቸው። ሁለቱም ቤቶች 220 ቮልታቸውን የሚያገኙት የጋራ መመለሻቸው የሆነው ኒውትራል በቦታው ስላለ ነው።

አሁን ፖሉ ላይ ያለው የኒውትራል ማያያዣ ላልቶ፣ ዝጎ፣ በመጨረሻ ተበጠሰ። ሁለቱ ቤቶች መመለሻ ስላጡ ሳያስቡት በተከታታይ ተያያዙ፤ በሁለቱ ላይ ያረፈው ቮልቴጅም 220 መሆኑ ቀርቶ 380 ሆነ። ይህ 380 ደግሞ እኩል አይከፈልም። ምጣዱ ብዙ ስለሚወስድ ተቃውሞው ትንሽ ነው፤ 14 ኦም ገደማ። የፍሪጁ ቤት ተቃውሞ 240 ኦም ገደማ ነው። ቮልቴጅ የሚያደላው ተቃውሞው ለበዛው ነው። ስለዚህ ምጣዱ ቤት ወደ 20 ቮልት ብቻ ይቀራል፣ እንጀራውም አይበስልም። ፍሪጁ ቤት ግን ወደ 360 ቮልት ይገባል። ብዙ ዕቃ ያልከፈተው፣ ቆጥቦ የተቀመጠው ቤት ነው የሚቃጠለው።

በእውነተኛ መንደር ቤቶቹ ብዙ ስለሆኑ ቁጥሩ ይለያያል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ የአንዱ ቤት አምፖል ሲፈዝ የሌላው ከልክ በላይ ይበራል፤ ጎረቤት ምጣድ ሲከፍት የእኛ መብራት ይደምቃል። ተራ የመስመር ድካም ሁሉንም ያፈዛል እንጂ ማንንም አያደምቅም።

ጥገና ቤት ውስጥም ልዩነቱ በቦርዱ ላይ ይነበባል። የቴሌቪዥን ወይም የቻርጀር ፓወር ሰፕላይ ተራ መስመርን የሚቀበልበት ትልቁ ኮንደንሰር አብዛኛውን ጊዜ የ400 ወይም የ450 ቮልት ነው። መስመሩ 220 ሲሆን ጫፉ ላይ የሚደርሰው 311 ስለሆነ በቂ ነው። መስመሩ 360 ሲገባ ግን ጫፉ ከ500 ያልፋል። ኮንደንሰሩ ያብጣል፣ አናቱ ይከፈታል፣ ቫሪስተሩ ይሰነጠቃል፣ የመስታወት ፊውዙ ውስጡ ጥቁር ይሆናል። የመብረቅ ምት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኮንደንሰሩ ሳያብጥ ሴሚኮንዳክተሮቹ ናቸው የሚሞቱት፤ የዲሽና የኔትወርክ መግቢያውም አብሮ ይመታል። የተቃጠለው የፍሪጅ ኮምፕረሰር ጥቅልል ብቻ ሆኖ ቦርዱ ደኅና ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪው ዝቅተኛው ቮልቴጅ ነው። ፍጹም ማስረጃ አይደሉም፤ ግን «መብራቱ ነው» ከማለት ይሻላሉ።

ሰርጅ ፕሮቴክተር፦ ዝቅ ማለት መሻል ነው?

ለሰርጅ ፕሮቴክተር የሚከራከሩ ሰዎች መሠረት አላቸው። በ1970 (እ.ኤ.አ.) ፍራንሷ ማርዝሎፍና ባልደረባው በቤቶችና በፋብሪካዎች መስመር ላይ ያለውን ሰርጅ ለክተው ውጤታቸውን አወጡ፤ ተራ ቤት ውስጥ በሺዎች ቮልት የሚቆጠሩ ምቶች እንደሚመጡ ታየ። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ታሪክ በሙያው ውስጥ አሁንም ይጠቀሳል። የኤሌክትሪክ ግድግዳ ሰዓቶች ሞተር ከ2,000 ቮልት ምት ይልቅ 6,000 እንዲችል ተደርጎ ሲሠራ ብልሽቱ መቶ እጥፍ ቀነሰ። የተጨመረ ፕሮቴክተር አልነበረም፤ የተሻሻለው የሰዓቱ የራሱ ጥንካሬ ነው። ስለዚህ ያው ማስረጃ ለሁለት ወገን ያገለግላል፤ ሰርጅ እውነት ነው ለሚለውም፣ ዋናው የዕቃው አሠራር ነው ለሚለውም።

ክርክሩ የከረረው ከዚያ በኋላ ነው። አምራቾች «የእኔ ፕሮቴክተር ከዝቅተኛ ቮልቴጅ ጀምሮ ይይዛል» በሚል ፉክክር ገቡ። ማርዝሎፍ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ከሌላ ባልደረባው ጋር ባቀረበው ጽሑፍ፣ ገና በርዕሱ፣ ዝቅ ማለት መሻል አይደለም ሲል ተቃወመ። ቫሪስተሩ ለመደበኛው መስመር በጣም ከቀረበ፣ ቮልቴጁ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ባለ ቁጥር ሳያስፈልገው ይሠራል፤ ያንን እየደጋገመም ራሱን ይገድላል የሚል ነው።

ይህን ወደ ድሬዳዋ እናምጣው። በተለመደው ቫሪስተር ላይ 431 የሚል ቁጥር ይነበባል፤ በ430 ቮልት ገደማ መክፈት ይጀምራል ማለት ነው፤ ያለማቋረጥ የሚችለውም የ275 ቮልት መስመር ነው። የመብረቅ ምት ሲመጣ ሥራውን ይሠራል። ነገር ግን ኒውትራል ተበጥሶ መስመሩ 360 ሲገባ፣ ጫፉ 500 ስለሚያልፍ ቫሪስተሩ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይከፈታል። የተሠራው ለቅጽበት እንጂ ለዚህ አይደለም። በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። የሙቀት መቁረጫ ያለው ዲቫይደር ከሆነ ቫሪስተሩ ተለይቶ ይወጣል፤ ዕቃው ግን በብዙዎቹ ሞዴሎች ከ360 ቮልቱ ጋር እንደተገናኘ ይቀራል። መቁረጫ ከሌለው ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ሰርጅ ፕሮቴክተር ከፍተኛ ቮልቴጅን «ይቀንሳል» ብሎ ማሰብ ከዚህ ገበያ ስህተቶች ሁሉ ትልቁ ነው።

ሌላም ገደብ አለው። ቤቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው፣ ወይም የመሬት ዘንጉ በድሬዳዋ ደረቅ አሸዋማ አፈር ውስጥ ለስሙ ብቻ ከተቀበረ፣ ከፕሮቴክተሩ ሦስት መንገዶች ሁለቱ የሚያወርዱበት የላቸውም። የሚቀረው በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለው ብቻ ነው። ሦስተኛ እግር የሌለው ዲቫይደር ላይ «ሰርጅ» የሚል ጽሑፍ ማንበብ ይህን ያህል ብቻ ይጠቅማል።

ስታብላይዘር፦ የሚያክመውና የሚፈጥረው

ስታብላይዘር በትክክል የሚያክመው ሕመም አለ፤ ለፍሪጅ በተለይ። የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ነው የሚወርደው። መስመሩ ከ220 ወደ 160 ሲወርድ የኮምፕረሰሩ የመነሻ ጉልበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጋዙን መግፋት ሲያቅተው ሳይዞር ቆሞ ይቀራል፤ ቆሞ ሳለም ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል። ከኋላው ጠቅ ብሎ የሚቆርጠው የሙቀት መከላከያ ደጋግሞ ያድነዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከተደጋገመ ግን ጥቅልሉ ይቃጠላል። ስታብላይዘር 160ውን 220 ሲያደርገው ይህ ሁሉ ይቀራል።

የማይወራለት አገልግሎቱ ደግሞ መዘግየቱ ነው። ብዙ ስታብላይዘሮች ላይ መብራት ከመጣ በኋላ ስንት ጊዜ ጠብቆ ይልቀቅ የሚል ማብሪያ አለ፤ የተለመደው 6 ሰከንድና 180 ሰከንድ ነው። ኮምፕረሰር እንደቆመ ወዲያው ቢነሳ የጋዙ ግፊት ስላልተስተካከለ አይዞርም፤ ሦስት ደቂቃ ያስፈልገዋል። ሰው ግን መብራት እንደመጣ ፍሪጁ እንዲበራ ስለሚፈልግ 6 ላይ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ግማሽ ጥቅም አጠፋ ማለት ነው።

የሚፈጥረው ችግርም አለ። መስመሩ 160 በነበረበት ሰዓት ስታብላይዘሩ ወደ 1.4 እጥፍ ከፍ አድርጎ ይዟል። ድንገት ሠፈሩ ውስጥ ትልቅ ጭነት ሲወጣ መስመሩ ባንዴ 235 ይሆናል። ሪሌው እስኪቀየር፣ ወይም የሰርቮው ብሩሽ እስኪንሸራተት ድረስ ዕቃው የሚያገኘው 235 ሳይሆን ወደ 320 ቮልት ነው። በሪሌ ይህ ከሰከንድ በታች ነው፤ በሰርቮ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ስለ ሰርቮ የሚያወራው ማስተካከያው ጥንቁቅ መሆኑን ነው፤ ዘገምተኛ መሆኑን ግን አያነሳም። ፍሪጁ ይህን ይችለዋል፤ ስስ ኤሌክትሮኒክስ ላይችለው ይችላል። ባትሪ መሙያውና የዘመኑ ቴሌቪዥን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው፤ መስመሩ 150 ሲሆን ምንም አይሆኑም። እነሱን በስታብላይዘር ማሳለፍ የሌላቸውን ሕመም ማከም ነው፤ ይባስ ብሎ ለዚያች የ320 ቮልት ቅጽበት ያጋልጣቸዋል።

በመጨረሻም ስታብላይዘር ጉልበት አይፈጥርም። 2,000 ቪኤ ጭነት ይዞ ከ150 ቮልት ወደ 220 ሲያሳድግ ለዕቃው 9 አምፔር ሰጥቶ ከመስመሩ ከ13 በላይ ይስባል። አንድ ቤት ሲያደርገው ለራሱ ብልህነት ነው። መንደሩ ሁሉ ሲያደርገው የደከመው መስመር የባሰ ይደክማል፤ ስታብላይዘር የሌለው ጎረቤትም ቮልቴጁ ይወርዳል። ይህ ክርክር አልተቋጨም፤ ሥሌቱ ግልጽ ቢሆንም በእያንዳንዱ መስመር ላይ ያለው መጠን ይለያያል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የበርክሌይ ተመራማሪዎች በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት ያወጡት ጥናትም ያሳየው፣ ሽቦ ገባ መባልና የሚያሠራ ቮልቴጅ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ፓርኩ ውስጥ ጥያቄው ይለወጣል

የድሬዳዋ ፓርክ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ነው። ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ የራሱ ትራንስፎርመር ስላለው የመንደሩ የኒውትራል ጣጣ እምብዛም አይደርስበትም። የሱ ሕመም ሌላ ነው።

አንደኛው ሚዛን ማጣት ነው። በሦስቱ ፌዞች መካከል 380፣ 370 እና 360 ቮልት ቢለካ ማንም አይደነግጥም፤ ከአማካዩ የራቀው በ10 ቮልት ብቻ፣ 2.7 ከመቶ ነው። የሞተሩ የሙቀት ጭማሪ ግን፣ በሙያው በሚሠራበት ግምት፣ በ15 ከመቶ ገደማ ያድጋል። የድሬዳዋ አየር ራሱ ሞቃት ነው፤ የሞተር ኢንሱሌሽን ደግሞ በእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል ተብሎ ይታሰባል። ሞተሩ በአንድ ሌሊት አይቃጠልም፤ ከዕድሜው ዓመታት ቀድሞ ይሞታል፣ ምክንያቱም «አርጅቶ ነው» ይባላል። ሦስቱን ፌዝ አንድ ላይ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ስታብላይዘር ይህን አያስተካክልም፤ እያንዳንዱን ለብቻው የሚያስተካክል መሆን አለበት። ሲገዛ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

ሁለተኛው የቅጽበት መውረድ ነው። ቮልቴጁ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ወደ 60 ከመቶ ቢወርድ አምፖሉ ብልጭ ከማለት በቀር ምንም አይታይም። ኮንታክተሩ ግን ሊለቅ ይችላል፤ የተሠራበት ደረጃ ከ75 ከመቶ በታች ሲወርድ መልቀቅን ይፈቅድለታል። መስመሩ በሙሉ ይቆማል፤ ወይም ኮንታክተሩ እየተንቀጠቀጠ ነጥቡ ይበየዳል። ለዚህ ትልቅ ሰርቮ የሚገዛ ፋብሪካ ገንዘቡን አባከነ፤ ብሩሹ ሳይነቃነቅ ነገሩ አልፏል። ርካሹ መፍትሔ የሼዱን ኃይል ሁሉ ትቶ የመቆጣጠሪያ ሰርኪቱን ብቻ መጠበቅ ነው። ኮይሎቹና ፒኤልሲው በመቶዎች ቪኤ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ለእነሱ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ወይም ያ የጥንቱ የሶላ ትራንስፎርመር ይበቃል።

ያልተቋጨው

የልኬት ጉዳይ አሁንም ያከራክራል። የአውሮፓ ደረጃ ለአንድ ሳምንት ተለክቶ፣ በየ10 ደቂቃው አማካይ ተወስዶ፣ 95 ከመቶው ከመደበኛው በ10 ከመቶ ውስጥ ከሆነ መስመሩ ደኅና ነው ይላል። በዚህ ሚዛን ደኅና የተባለ መስመር ለ20 ሰከንድ 360 ቮልት ገብቶ መንደር ሊያቃጥል ይችላል፤ አማካዩ ውስጥ ይሰወራል። አቅራቢውና ተጠቃሚው ሁለቱም እውነት እየተናገሩ የማይግባቡት አንዳንዴ በዚህ ነው።

ኢንቨርተር ፍሪጅ ስታብላይዘር ይፈልጋል አይፈልግም የሚለውም እንዲሁ ነው። ኮምፕረሰሩ በቀጥታ ከመስመሩ ስለማይነሳ የጉልበቱ ክርክር አይሠራም፤ ቦርዱ ግን ለከፍተኛ ቮልቴጅ ከድሮው ሞተር ይልቅ ስስ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከፍ የሚያደርግለት ሳይሆን የሚቆርጥለት ነው።

ያ የሚቆርጥ ዕቃ ገበያ ላይ አለ፤ ብሬከር አጠገብ የሚገጠም፣ ቮልቱን በቁጥር የሚያሳይ፣ መስመሩ ለምሳሌ ከ260 ሲያልፍ ወይም ከ170 ሲወርድ የሚቆርጥና ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ መልሶ የሚሰጥ። ቮልቴጅ አያስተካክልም፣ የመብረቅ ምትም አይዝም፤ ራሱ 380 የሚችል መሆኑም መረጋገጥ አለበት። ግን ከሦስቱ አደጋዎች ትልቁን ለማቆም የተሠራው እሱ ነው። በጀቱ በአንድ ጊዜ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ እሱ፣ ማታ ማታ መስመሩ ለሚደክምበት ፍሪጅ ቀጥሎ ስታብላይዘር፣ የመሬት ሽቦ ላለው ቤት ሦስተኛ ሰርጅ ፕሮቴክተር ይግዙ።

ጎረቤት ምጣድ ሲከፍት መብራትዎ ከደመቀ ግን የትኛውንም ገዝተው እስኪመጡ አይጠብቁ። ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፣ ጎረቤቶችዎንም እንዲያጠፉ ይንገሩ፣ ከዚያ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደውለው «ኒውትራል ላልቷል» ይበሉ።